ሱሪውን ገልብጡና አሳዩን

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ነገሬ ከልብስ ሰፊዎች ጋር ነው። በተለይ ደግሞ ቪዲዮ ከሚቀርጹላቸው ልጆች ጋር። ጽሑፉ ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

“በፊት” እና “በኋላ” የሚባለውን ቪዲዮ ሁላችሁም አይታችሁታል። አንድ ልጅ ሁለት ሰው የሚያስገባ ሱሪ ለብሶ፣ ትከሻውን ጥሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። ወገቡን በሁለት እጁ ይዟል። ከዚያ አንዴ ያጨበጭባል፣ ሙዚቃው ይፈነዳል፣ ልጁ ደረቱን ነፍቶ ልክክ ያለ ሱሪ ለብሶ ብቅ ይላል። ከስር “ዋጋ በውስጥ መስመር” ይላል። አለቀ። መቀስ አላየንም፣ ሜትር አላየንም፣ መኪናው የት እንዳለ አናውቅም። ልብስ ሰፊውማ ጭራሽ የለም! ሰዉ ልብ ይሰጥና ያልፋል። ሱሪውን ይዞ የሚመጣ ግን የለም።

እኔ የምለው ይሄ ነው፦ እንዲህ ያለው ቪዲዮ ለገበያ ከተማ ልብስ ሰፊ አይጠቅመውም። እንደውም ይጎዳዋል። ምክንያቱም የሚያሳየው ማንም ሰው ያልተጠራጠረውን ነገር ነው። ልብስ ሰፊ ሱሪ ማጥበብ እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። የማናውቀው *ይሄኛው* ልብስ ሰፊ *የእኔን* ሱሪ ሲያጠብብ ያበላሽብኝ እንደሆነ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልሱ ያለው ደግሞ በሱሪው ፊት ላይ ሳይሆን በውስጡ ነው። ስለዚህ ሱሪውን ገልብጡና አሳዩን።

“አንተ የአማርኛ አስተማሪ፣ ስለ ስፌት ምን አገባህ?” የምትሉ አትጠፉም። አባቴ ባቲ ላይ በረንዳ ተከራይቶ በእግር መኪና የሚሰፋ ሰው ነበር። ያደግኩት ከመኪናው ስር ቁልፍ እየለቀምኩ፣ ስፌት እየተረተርኩ፣ ካውያ እያቀበልኩ ነው። ጽሑፍ ደግሞ እንጀራዬ ነው። የቪዲዮ ስክሪፕት ማለት አጭር ድርሰት ስለሆነ በሁለቱም በኩል ያገባኛል።

መጀመሪያ እንዴት እንደምንታለል ልንገራችሁ፤ የሚያታልለው ሰውም ብዙ ጊዜ ሆን ብሎ አይደለም፣ ሌላው ሲያደርግ አይቶ ነው። አንደኛው ማታለያ አቋቋም ነው። “በፊት” ላይ የጎበጠ ሰው “በኋላ” ላይ ከተቃና፣ ያማረው ሱሪው ይሁን ወገቡ አይታወቅም። ሁለተኛው ስፒል ነው። ከኋላ ጨርቁን ሰብስቦ በስፒል ወይም በልብስ መቆንጠጫ ይዞ ከፊት መቅረጽ። ይሄንን ለማወቅ አንድ ዘዴ አለ፤ “በኋላ” የሚለው ክፍል ላይ ልጁ አንዴም ጀርባውን ካላዞረ ጠርጥሩ። ሦስተኛው ብርሃን ነው። “በፊት” የሚለው ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ “በኋላ” የሚለው ደጅ ላይ። ጥቁር ሱሪ በጨለማ ውስጥ ስፌቱም ጭምድዱም አይታይም፤ ደጅ ሲወጣ የተለወጠው ብርሃኑ ነው እንጂ ስፌቱ አይደለም።

አሁን ደንበኛውን አስቡት። ባቲ ሰኞ ሰኞ ትገበያለች። ከቆላውም ከደጋውም ሰው ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ማታ ወደ አገሩ ይመለሳል። ሰልባጅ ተራ ሄዶ ደህና ጨርቅ ያለው የሱፍ ሱሪ ያገኛል፣ ልኩ ግን አይደለም። በእጁ አንድ ሱሪ ነው ያለው። መቀስ ከገባበት በኋላ “ይቅርታ” ቢባል ሱሪ አይሆንለትም። ይሄ ሰው ሦስት ጥያቄ አለው፦ ይበላሽብኝ ይሆን? ስንት ይፈጃል? ዛሬውኑ ይደርስልኛል? የጭብጨባው ቪዲዮ ከሦስቱ አንዱንም አይመልስም። እኔ ስክሪፕት የምለው እነዚህን ሦስቱን የሚመልስ ነገር ነው።

በደንብ እንድንግባባ አንድ ሱሪ እንያዝ። የወንድ የሱፍ ሱሪ፣ ከሰልባጅ የተገዛ፣ ጥቁር ግራጫ። ወገቡ ዙሪያውን ሲለካ 94 ሴንቲ ሜትር ነው። ሰውየው ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ ሲለካ 86 ነው። ለመተንፈሻም ለመቀመጫም 2 ሴንቲ ሜትር ጨምሩለት፣ 88 ይሆናል። ስለዚህ ከወገቡ የሚወጣው 6 ሴንቲ ሜትር ነው። የእግሩ ግርጌ ጠፍጥፎ ሲለካ 24 ነው፣ ሰውየው 19 ይሁንልኝ አለ። ቁመቱም 6 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል።

ወገቡ የሚጠበው ከኋላ መሃል ካለው ስፌት ነው። የወገቡ ድርብ ጨርቅ መሃሉ ላይ ይተረተራል፣ በግራም በቀኝም 3፣ 3 ሴንቲ ሜትር በጠመኔ ወይም በደረቅ ሳሙና ይሰመራል። መስመሩ ወደ መቀመጫው እየወረደ ሲሄድ ቀስ እያለ ከድሮው ስፌት ጋር መገናኘት አለበት። በድንገት ከተገናኘ መቀመጫው ላይ እንደ ምንቃር ሹል ያለ ነገር ይወጣል፤ ይሄንን ከኋላ የሚሄድ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ባለሱሪው ብቻ አያየውም። የመቀመጫ ስፌት ሰው በተቀመጠ ቁጥር የሚወጠር ስለሆነ ሁለት ጊዜ በላዩ ላይ ይሰፋል። አንድ ጊዜ ብቻ የተሰፋ ሱሪ ደንበኛው አውቶቡስ ላይ ሲወጣ ነው የሚያጋልጠው።

እዚህ ጋ ልክ አለው፣ ልኩንም ኪሱ ይነግራችኋል። ሁለቱ የኋላ ኪሶች መጀመሪያ በመሃላቸው 11 ሴንቲ ሜትር ነበራቸው እንበል። ከወገቡ 6 ሲወጣ ኪሶቹ ጋ ሲደርስ የሚወጣው 5 ገደማ ነው፤ ስለዚህ በመሃላቸው 6 ይቀራል። ይሄ ደህና ነው። ሰውየው 10 ሴንቲ ሜትር አውጣልኝ ቢል ግን ኪሶቹ ሊሳሳሙ ነው፣ የጎን ስፌቶቹም ወደ ኋላ ይሳባሉ። ያን ጊዜ ከጎንም መተርተር፣ ኪስም መንካት ያስፈልጋል፤ ሥራው ሌላ፣ ዋጋውም ሌላ ነው። ጥሩ ልብስ ሰፊ ይሄንን መቀስ ከማንሳቱ በፊት ይናገራል። መጥፎው ዝም ብሎ ይሰራና ኪሶቹን ያጋባቸዋል።

ወደ እግሩ እንሂድ። እዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ቁመቱ ይለካል፣ ከዚያ ስፋቱ። ለምን? ሱሪ ከጉልበት ወደ ታች እየጠበበ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ግርጌውን 19 አድርጋችሁ ካጠበባችሁ በኋላ 6 ሴንቲ ሜትር ከቆረጣችሁ፣ አዲሱ ግርጌ ከፍ ያለው ቦታ ስለሚሆን ከ19 ይሰፋል። ቁመቱ ደግሞ የሚለካው ሰውየው ሱሪውን አብሮ በሚያደርገው ጫማ ነው። ገበያ በሸበጥ መጥቶ በሸበጥ የተለካ ሱሪ፣ ለሠርግ በቆዳ ጫማ ሲለበስ ያጥራል። የሚታየውም ካልሲው ነው።

ማጥበቡ ከጉልበት ጀምሮ ከሁለቱም በኩል እኩል ነው። ከ24 ወደ 19 ለመምጣት ከጎኑ ስፌት ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ከውስጥ ጭኑ ስፌት ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል። ሰነፍ ልብስ ሰፊ አንዱን ወገን ብቻ ያጠባል፤ ግማሽ ድካም ነው። ውጤቱ ግን የካውያው መስመር ከመሃል ወደ ጎን ይሸሻል፣ እግሩም ይጠማዘዛል። ይሄንን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሱሪው ከተሰቀለ በኋላ የካውያው መስመር በጉልበቱም በግርጌውም መሃል ላይ ወርዶ እንደሆነ ማየት ብቻ ነው።

ግርጌው 19 ማለት ዙሪያው 38 ነው። ልብስ ሰፊው የሰውየውን እግር ተረከዙን ይዞ ከላይ ባለው የእግሩ ጉብታ ዞሮ ይለካዋል፤ 34 ከሆነ ያልፋል። የማይለጠጥ ጨርቅ ላይ ግርጌውን ዙሪያው 32 አድርግልኝ የሚል ጎረምሳ ሱሪውን ለብሶ ማታ ማውለቅ ያቅተዋል። የታጠፈው ጨርቅም ነገር አለ። ማጥበቢያው መስመር እስከ አዲሱ ግርጌ ይወርድና እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ መልሶ ትንሽ መስፋት አለበት። ካልሰፋ፣ ወደ ውስጥ የታጠፈው ክፍል ከላይኛው ስለሚጠብ ይይዘዋል፣ ግርጌው ይጨማደዳል። እዚያው ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨርቅ ሳይቆረጥ ቢተው ደግሞ ነገ ልጁ ሲረዝም ወይም ሱሪው ለታላቅ ወንድም ሲተላለፍ ይወርዳል።

አያችሁ? እዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ከፊት የሚታይ ነገር የለም። ሁለቴ የተሰፋው መቀመጫ፣ የተተወው ጨርቅ፣ ከሁለት በኩል የጠበበው እግር፣ ሁሉም የሚታየው ሱሪው ሲገለበጥ ነው። ደንበኛውን የሚያሳምነውም ይሄው ነው። ቪዲዮ ቀራጮቹ ግን ዋናውን ማስረጃ ቆርጠው ይጥሉና ጭብጨባውን ያስቀራሉ!

ስለዚህ ስክሪፕቱን እነሆ። የሚፈልግ ይውሰደው፣ በራሱ አፍ ያስተካክለው። የሚናገረው ልብስ ሰፊው ራሱ ነው፤ ልጅ አይደለም፣ ከማሽን የወጣ ድምፅም አይደለም። ከመቅረጽ በፊት ሦስት ነገር ብቻ አዘጋጁ። በረንዳው ጥላ ሲሆን፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ፣ ሁለቱንም ጊዜ እዚያው ቅረጹ፤ የቀትር ፀሐይ ጥቁር ጨርቅን ያቃጥለዋል። ሰውየው የሚቆምበትን ቦታና ስልኩ የሚቀመጥበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት፤ ስልኩ በወገብ ከፍታ ሳጥን ላይ ይደገፍ። ሰውየው በሁለቱም ጊዜ ያው ሸሚዝ፣ ያው ጫማ ይሁንለት፣ ቀበቶ አያድርግ። ቀበቶ ራሱ ስፒል ነው።

አንድ። ሰውየው ሰፊውን ሱሪ ለብሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከአንገት በታች ብቻ ይታያል። ዝግ ብሎ ይዞራል፣ ፊትም ጎንም ጀርባም ይታያል። ልብስ ሰፊው ጡጫውን ወገቡ ውስጥ ያስገባል።
ድምፅ፦ “ጨርቁ ደህና ነው፣ ልኩ ግን አይደለም። ጡጫዬ ገብቷል። ወገቡ 94 ነው፣ የሳቸው 88 ነው የሚሆነው።”

ሁለት። ሜትሩ ከቅርብ ይታያል፣ ቁጥሩ ይነበባል። ከዚያ ሁለቱ የኋላ ኪሶች።
ድምፅ፦ “6 ሴንቲ ሜትር አወጣለሁ። ኪሶቹ ይቀራረባሉ እንጂ አይነካኩም። 10 ቢሉኝ ግን ኪሱ ስለሚበላሽ ሥራው ሌላ ነው፣ አስቀድሜ እነግርዎታለሁ።”

ሦስት። ሱሪው ተገልብጦ ጠረጴዛ ላይ። በጠመኔ የተሰመረው፣ የተተረተረው፣ መኪናው ሲሰፋ። ሙዚቃ የለም፤ የመኪናው ድምፅ ይበቃል።
ድምፅ፦ “መቀመጫውን ሁለቴ ነው የምሰፋው። እግሩን ከሁለት በኩል ነው የማጠበው።”

አራት። አሁንም ተገልብጦ፣ ካውያ ከተደረገ በኋላ። ጣቱ ስፌቱ ላይ፣ ከዚያ ግርጌው ላይ።
ድምፅ፦ “ይሄ የተረፈ ጨርቅ ነው፣ አልቆረጥኩትም። ነገ ቢረዝሙ ይወርዳል።”

አምስት። ሰውየው ያው ምልክት ላይ፣ ያው አቋቋም። ይዞራል። ልብስ ሰፊው ሁለት ጣቱን ወገቡ ውስጥ ያስገባል። ከዚያ ሰውየው በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ቁጢጥ ይላል።
ድምፅ፦ “አሁን ሁለት ጣት ነው። ይቀመጡ። ቁጢጥ ይበሉ። እንዴት ነው?”
ሰውየው የመጣለትን ይመልስ። አታስጠኑት።

ስድስት። ልብስ ሰፊው ሱቁ ፊት ለፊት፣ ምልክቱ ከኋላው።
ድምፅ፦ “ወገብ ማጥበብ ይሄን ያህል ብር፣ እግርና ቁመት ሲጨመር ይሄን ያህል ብር። ሰኞ እስከ ጠዋት 4 ሰዓት ያመጣ ማታ ከመሄዱ በፊት ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የመጣ ለማክሰኞ። የጠበበ ሱሪ ለማስፋት ግን ውስጡ ጨርቅ መኖሩን ሳላይ እሺ አልልም።”

ይሄው ነው። ጮክ ብላችሁ ብታነቡት ከእንቅስቃሴው ጋር ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይዘልም።

አሁን ወደ ክርክሩ። ቪዲዮ የሚሰራ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ይሄንን ሳነብለት “ቲቸር፣ ሰው አስራ አምስት ሰከንድ እንኳ አይታገስም፣ ሴንቲ ሜትር ብትቆጥርበት ያልፍሃል” አለኝ። እኔም መለስኩለት፦ ማነው የሚያልፈው? ሱሪ ማስጠበብ የማይፈልገው ነው የሚያልፈው። እሱ ቢያልፍ ልብስ ሰፊው ምን ይጎድልበታል? ከሩቅ ከተማ ልብ የሚሰጥ ሺህ ሰው በባቲ በረንዳ ላይ አንድ ሱሪ አያመጣም። ከፊቱ ሰፊ ሱሪ አንጥፎ “ምን ላድርገው?” የሚለው ሰው ግን ቁጥሩን ሲሰማ ስልኩን ያስጠጋል እንጂ አያልፍም። ለእሱ ሴንቲ ሜትሩ ነው ወሬው።

እሱም ዝም አላለም። “እሺ፣ ዋጋ ለምን ይነገራል? ጎረቤቱ ያለው ልብስ ሰፊ በአምስት ብር ቀንሶ ደንበኛውን ይወስድበታል” አለ። ይሄኛው ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ነው፣ ቀልድ አይደለም። ግን አስቡት፤ ዋጋውን ብቻውን ከተናገረ አዎ፣ ጎረቤቱ ይቀንስበታል። ዋጋውን የተናገረው ሁለቴ የተሰፋውን መቀመጫ ካሳየ በኋላ ከሆነ ግን፣ ጎረቤቱም ቀንሶ “አንተስ ሁለቴ ትሰፋለህ ወይ?” ይባላል። ደንበኛው ምን እንደሚጠይቅ ተምሯል። “ዋጋ በውስጥ መስመር” የሚለው ደግሞ ለገበያተኛ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የሰኞ ገበያተኛ በውስጥ መስመር አይጻጻፍም፤ ኪሱ ያለውን አስቦ ነው ከቤቱ የሚወጣው። ዋጋው ሲለወጥስ? ቪዲዮው ላይ ቀኑን ጻፉበት፣ ስድስተኛውን ክፍል ብቻ እንደገና ቀርጻችሁ ቀጥሉበት። ለዚህ ነው ዋጋውን መጨረሻ ላይ ብቻውን ያስቀመጥኩት።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከልብስ ሰፊዎቹ ራሳቸው የመጣ ነው። “አልችልም የሚለውን ለምን እናገራለሁ? ደንበኛ ላባርር?” ይላሉ። አይደለም። የጠበበ ልብስ ማስፋት የሚቻለው ውስጡ በተተወው ጨርቅ ልክ ብቻ ነው። ጨርቁ ቢኖር እንኳ የድሮው ስፌት የመርፌ ቀዳዳ ሊታይ ይችላል፤ ተደብቆ የኖረው ጨርቅም ፀሐይ ስላልነካው ከውጪው ይደምቃል፣ አዲሱ መስመር ላይ ሁለት ቀለም ይሆናል። ይሄንን ቀድሞ የተናገረ ልብስ ሰፊ ሐቀኛ ይባላል። ከተሰራ በኋላ የተናገረ ግን አበላሸው ይባላል። ቃሉ አንድ ነው፣ የሚለየው ከመቀሱ በፊት ወይም በኋላ መነገሩ ነው። በቪዲዮ ላይ አንድ “እሺ አልልም” የሚል ሰው ስሰማ፣ “እሺ” ያለበትን ሌላውን ሁሉ አምነዋለሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ይሄ ደግሞ ያናድደኛል። “በፊት” ላይ ሰውየውን መሳቂያ ማድረግ። ሰፊ ልብስ የለበሰች ሴት ላይ የሚያለቅስ ፊት መለጠፍ፣ የሚያስቅ ድምፅ መጨመር። ከዚያ “የድሮ ልብስ ሰፊዋ ጉድ ሰራት” ብሎ መጻፍ። እንዴ! ያቺ ሴት የእናንተው ደንበኛ ናት። ቪዲዮውን ያየች ሌላ ሴት የምታስበው “እኔንም እንዲህ ያደርጉኛል” ነው፤ ቀሚሷን ይዛ ወደ ሌላ በረንዳ ትሄዳለች። ለዚህ ነው ስክሪፕቱ ላይ ከአንገት በታች ብቻ ይታይ ያልኩት። ፊት እንዲታይ ከተፈለገ ደንበኛው ቪዲዮው ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ራሱ አይቶ ይፍቀድ፤ ሳያይ “እሺ” ያለውን አትቁጠሩት። የሌላ ልብስ ሰፊን ስህተትም አታሳዩ። ሰልባጅ ሱሪ ማንም አላበላሸውም፣ ለሌላ ሰው ተሰፍቶ ነው የመጣው። “ጨርቁ ደህና ነው፣ ልኩ ግን አይደለም” የሚለውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር የመረጥኩት አስቤበት ነው። ልብሱንም አይሰድብም፣ ሰውንም አይሰድብም፣ ሥራውን ብቻ ይጠራል።

የቀድሞ ተማሪዎቼ ሆይ፣ በየከተማው ቪዲዮ የምትሰሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የሰፈራችሁ ልብስ ሰፊ “አንድ ቪዲዮ ስራልኝ” ሲላችሁ ሙዚቃ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ የሰራውን ሱሪ አስገልብጡት። ውስጡ ንጹሕ ከሆነ እሱን ቅረጹ፣ ጭብጨባ አያስፈልጋችሁም። ክሩ የተንጨባረረ፣ መቀመጫው አንድ ጊዜ ብቻ የተሰፋ፣ እግሩ ከአንድ በኩል ብቻ የጠበበ ከሆነ ደግሞ ቪዲዮው ይቆይ። መጀመሪያ ስፌቱ ይስተካከል። መጥፎ ስፌትን በጥሩ ቪዲዮ ማስተዋወቅ ማለት የሚያማርረውን ሰው ቁጥር ማብዛት ነው።

የማትስማሙ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ኑ። ልብስ ሰፊ የሆናችሁ ደግሞ፣ ከወገብ ስንት ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ነው “ከዚህ በላይ ከጎን ካልሆነ አይሆንም” የምትሉት? ጻፉልኝ፤ ስክሪፕቱ ላይ የእናንተን ቁጥር አስገባለሁ።